የአንድ ገጽ የበጀት ማጠቃለያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበጀት ሰነድ መቶ ገጽ ይሞላል፤ የቦርድ አባሉ፣ የመምሪያ ኃላፊው ወይም የዜና ክፍል አዘጋጁ ግን ለእሱ አምስት ደቂቃ ነው ያለው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ለዚህ አንባቢ የሚሆን አንድ ገጽ ማጠቃለያ ለመጻፍ የተቀመጡ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። በምሳሌነት የኢትዮጵያ ፌዴራል መንግሥት የ2017 በጀት ዓመት በጀት ተወስዷል። ቁጥሮቹ ለሕዝብ የተገለጹ ናቸው፤ ደግሞም በዚያ ዓመት ማጠቃለያ ጸሐፊን ሊያሳስቱ የሚችሉ ነገሮች ሁሉ አብረው ስለተከሰቱ ለትምህርት ይመቻል።

## ማጠቃለያው ምን ምን ይይዛል?

ሦስት ነገር ነው። ከላይ ዋናውን ነገር የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መሃል ላይ ከሰባትና ስምንት መስመር የማይበልጥ የቁልፍ አሃዞች ሠንጠረዥ፣ ከሥሩ ደግሞ መቶ ቃል ገደማ የሆነ አጭር ንባብ። ንባብ የምንለው ቁጥሮቹ ምን እያሉ እንደሆነ ለአንባቢው የሚገልጸውን አንቀጽ ነው።

ከላይ የሚቀመጠው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይበላሻል። «የ2017 በጀት 971 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ» የሚለው ዜና እንጂ ማጠቃለያ አይደለም፤ አንባቢው ይህን ቀድሞ በሬዲዮ ሰምቶታል። ለምሳሌያችን የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው፦ «የፌዴራል መንግሥት የ2017 ወጪ በ21 በመቶ አድጎ 971 ቢሊዮን ብር ሲደርስ ገቢው የሚያድገው በ18 በመቶ ስለሆነ፣ በብድር የሚሞላው ጉድለት ከ281 ወደ 358 ቢሊዮን ብር ከፍ ይላል።» ይህን ብቻ አንብቦ ገጹን የሚዘጋ ሰው እንኳ የበጀቱን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩ የሚጻፈው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ሠንጠረዡ ሳይሠራ ዋናው ነገር የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

## ሠንጠረዡ ውስጥ የትኞቹ መስመሮች ይግቡ?

የፌዴራል በጀት አዋጅ ወጪውን በአራት ይከፍለዋል፦ መደበኛ ወጪ፣ ካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍ እና ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ። አራቱ ከነድምራቸው ይገባሉ። ከእነሱ በታች ገቢና እርዳታ፣ የመጨረሻው መስመር ደግሞ ጉድለቱ ይሆናል። ብዙ ጸሐፊዎች ወጪውን ዘርዝረው እዚያው ያቆማሉ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የማይናገር ሠንጠረዥ ግን የግማሽ ታሪክ ነው፤ ጊዜ የሌለው አንባቢ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ራሱ ፈልጎ አያሟላውም።

የ2017 በጀት ከ2016 ጋር ሲነጻጸር (በቢሊዮን ብር፣ መጀመሪያ የጸደቀው)፦

| | 2016 | 2017 | ልዩነት | ዕድገት በመቶኛ | ከ2017 ጠቅላላ ወጪ ድርሻ በመቶኛ |
|---|---|---|---|---|---|
| መደበኛ ወጪ | 370 | 451 | 81 | 22 | 46 |
| ካፒታል ወጪ | 204 | 283 | 79 | 39 | 29 |
| ለክልሎች ድጋፍ | 214 | 223 | 9 | 4 | 23 |
| ለዘላቂ የልማት ግቦች | 14 | 14 | 0 | 0 | 1 |
| ጠቅላላ ወጪ | 802 | 971 | 169 | 21 | 100 |
| ገቢና እርዳታ | 521 | 613 | 92 | 18 | 63 |
| ጉድለት | 281 | 358 | 77 | 27 | 37 |

መሥሪያ ቤቶችን በስም መዘርዘር ያጓጓል፤ መከላከያ ስንት፣ ትምህርት ስንት፣ መንገድ ስንት ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለእሱ ሁለተኛ ገጽ ይዘጋጅለት። መጀመሪያው ገጽ ላይ አሥራ አምስት መስመር ከተደረደረ አንባቢው የለመደውን መሥሪያ ቤት ፈልጎ ያያል፤ ጉድለቱን ሳያይ ያልፋል።

## ዕድገቱ እንዴት ነው የሚሰላው?

ያለፈው ዓመት ከዘንድሮው ይቀነሳል፣ የተገኘው ልዩነት ላለፈው ዓመት ይካፈላል። ካፒታል ወጪን ብንወስድ 283 ሲቀነስ 204 እኩል ይሆናል 79፤ 79 ለ204 ሲካፈል 0.387፣ ማለትም 39 በመቶ። በኤክሴል ያለፈው ዓመት B፣ የዘንድሮው C ዓምድ ላይ ከሆነ፦

```
=(C2-B2)/B2
```

የሚዘወተረው ስህተት ለዘንድሮው ቁጥር ማካፈል ነው። ያኔ ካፒታል ያደገው 28 በመቶ ብቻ ይመስላል። ስህተቱን መለየት ቀላል ነው፤ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ባገኘኸው መቶኛ አሳድገህ ዘንድሮው ላይ ካልደረስክ ስሌቱ ተገልብጧል። 204 በ28 በመቶ ሲያድግ 261 እንጂ 283 አይሆንም።

በመቶኛ እና በመቶኛ ነጥብ መካከልም ልዩነት አለ። ካፒታል ወጪ በ2016 ከጠቅላላው 25 በመቶ ነበር፣ በ2017 29 በመቶ ሆነ። ይህ የአራት መቶኛ ነጥብ ጭማሪ ነው። «ድርሻው በ4 በመቶ አደገ» ተብሎ ከተጻፈ ሌላ ነገር ነው የተባለው።

## አጭር ንባቡ ምን ሊል ይገባል?

ሠንጠረዡን በቃላት መድገም የለበትም። «መደበኛ ወጪ 451 ቢሊዮን፣ ካፒታል ወጪ 283 ቢሊዮን፣ ለክልሎች 223 ቢሊዮን ነው» ብሎ የሚጀምር ንባብ አንባቢው ገና አሁን ያየውን መልሶ ያነብለታል። ንባቡ የሚሠራው ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አቁሞ በመካከላቸው ያለውን ነገር መናገር ነው። ከላይ ካለው ሠንጠረዥ የሚወጣው ንባብ ይህን ይመስላል፦

> ጠቅላላ ወጪው በ169 ቢሊዮን ብር አድጓል። ከዚህ ጭማሪ 160 ቢሊዮኑ የሚሄደው ለፌዴራል መደበኛና ካፒታል ወጪ ሲሆን ለክልሎች የሚሰጠው ድጋፍ የጨመረው በ9 ቢሊዮን ብቻ ነው። በዚህም የክልሎች ድጋፍ ከጠቅላላው ያለው ድርሻ ከ27 ወደ 23 በመቶ ወርዷል። በመቶኛ ፈጥኖ ያደገው ካፒታል ወጪ ነው። ገቢው እንደታሰበው ሙሉ በሙሉ ቢሰበሰብ እንኳ ከእያንዳንዱ 100 ብር ወጪ 37ቱ የሚሸፈነው በብድር ነው፤ ይህ አምና 35 ነበር። በ2016 መጨረሻ ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ወደ 20 በመቶ ስለነበር የ21 በመቶው ዕድገት በመግዛት አቅም ሲለካ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እዚህ ውስጥ ከሠንጠረዡ በቀጥታ የተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ነው። «160» የተገኘው 81 እና 79 ተደምረው ነው፤ «27» የ2016 የክልሎች ድርሻ ነው፤ «35» የ2016 ጉድለት ለ2016 ወጪ ተካፍሎ ነው። አንባቢው ራሱ ሊያሰላቸው ይችል ነበር፤ ግን አያሰላም። ጸሐፊው ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ንባቡ ውስጥ «ከፍተኛ»፣ «አስደናቂ»፣ «አሳሳቢ» የሚሉ ቃላት እንዳልገቡ ልብ ይሏል። ጉድለቱ ያሳስባል ወይስ አያሳስብም የሚለውን አንባቢው ይፍረድ፤ ከ100 ብር 37ቱ ብድር መሆኑን ከነገርነው በቂ መረጃ አለው።

## «ካፒታል በጀት» ማለት «የልማት በጀት» ማለት አይደለም እንዴ?

በንግግር እንደዚያ ይባላል፤ በማጠቃለያ ግን ባይባል ይሻላል። ካፒታል ወጪ መንገድ፣ ግድብ፣ ሕንፃ፣ መሣሪያ እና የመሳሰለውን ከዓመት በላይ የሚቆይ ነገር ለመሥራትና ለመግዛት የሚውል ነው፤ ምንጩም ከመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ከብድር እና ከእርዳታ ይመጣል። መደበኛ ወጪ ደግሞ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ነው። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ፣ የሆስፒታል መድኃኒት፣ የቢሮ ኪራይ ሁሉም መደበኛ ውስጥ ናቸው። መምህር የሌለው አዲስ የመማሪያ ሕንፃ ልማት፣ የመምህሩ ደመወዝ ግን «ፍጆታ» የሚባልበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይኼ ነው፦ የዕዳ ክፍያ ያለው መደበኛ ወጪ ውስጥ ነው። መደበኛ በጀት ሲያድግ «መንግሥት ሠራተኛ ጨመረ» ወይም «ደመወዝ ጨመረ» ብሎ መደምደም የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ያደገው ወለድ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ከተገኘ መደበኛ ወጪን «ዕዳ» እና «ሌላ መደበኛ» ብሎ በሁለት መስመር መክፈል ሠንጠረዡ ላይ ከሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። ካልተገኘ መስመሩ አንድ ሆኖ ይቅር፤ ንባቡ ግን ስለ ደመወዝ አይናገር።

## ድርሻዎቹ ሲደመሩ 99 ሆኑብኝ። ምን ላድርግ?

ምንም። 46፣ 29፣ 23 እና 1 ሲደመሩ 99 የሚሆኑት የነጥብ ክፍልፋዮቹ ወደ ታች ስለተጠጋጉ ነው፤ ለምሳሌ የዘላቂ ልማት ግቦች ድርሻ 1.4 ነው። ከሠንጠረዡ ሥር «በመጠጋጋት ምክንያት ድምሩ 100 ላይሞላ ይችላል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። እንዲሞላ ብሎ አንዱን ቁጥር በእጅ ከፍ ማድረግ ግን አይገባም፤ ሌላ ሰው ሲያሰላው አይገጥምለትም፣ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ቁጥር አያምንም።

የብሩ ዓምድ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጠቅላላው 971.2፣ ገቢው 612.7 ስለሆነ ጉድለቱ 358.5 ቢሊዮን ነው። ይህ ቢጠጋጋ 359 ይሆናል፤ ያኔ 613 እና 359 ሲደመሩ 972 ይመጣሉ፤ ከላይ ያለው ድምር ግን 971 ነው። የቦርድ አባል መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መደመር ስለሆነ በእኛ ሠንጠረዥ 358 ተብሎ ተቀምጧል፤ ጉድለት ሁልጊዜ ከወጪ ተቀንሶ የሚገኝ ቀሪ ነውና እሱ ቢስተካከል ያስኬዳል። ወጪና ገቢ ግን የተገለጹ ቁጥሮች ስለሆኑ አይነኩም።

ነጥቡን ለምን አናስቀምጠውም ለሚል፦ 971.2 ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም፤ ሠንጠረዡ ግን ይጨናነቃል። ነጥብ የሚያስፈልገው ወደ ትሪሊዮን ሲሻገር ነው። «1.9 ትሪሊዮን» ሲባል ከነጥብ በኋላ ያለችው አንዲት አሃዝ 100 ቢሊዮን ብር ትመዝናለች፤ ስለዚህ ያኔ ቢያንስ ሁለት አሃዝ ይጻፍ ወይም ሁሉም በቢሊዮን ይቅር።

## የዋጋ ንረቱን ማስላት የግድ ነው?

ንረቱ ባለ አንድ አሃዝ ከሆነ ሊታለፍ ይችላል። 20 በመቶ አካባቢ ሲሆን ግን ካልተጠቀሰ ማጠቃለያው ያሳስታል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የዘንድሮው ቁጥር ለ1.20 ይካፈላል። 971 ለ1.20 ሲካፈል 809 ይመጣል። ይህን ከአምናው 802 ጋር ስናስተያየው ዕድገቱ አንድ በመቶ አይሞላም። የክልሎች ድጋፍ ላይ ደግሞ ውጤቱ ይገለበጣል፤ 223 ለ1.20 ሲካፈል 186 ነው፣ አምና 214 ነበር። በብር ቁጥር 4 በመቶ ያደገ የሚመስለው መስመር በመግዛት አቅም 13 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው።

ዕድገት ላይ ንረትን እንዲሁ መቀነስ (21 ሲቀነስ 20) ለትንንሽ ቁጥሮች ይቀራረባል፤ ለክልሎች ግን 4 ሲቀነስ 20 ብሎ 16 በመቶ ቀነሰ ይላል፤ ትክክለኛው 13 ነው። ስለዚህ ማካፈሉ ይመረጥ።

አንድ ገደብ አለ። የሰኔ ወር ንረት ያለፈውን ዓመት ይናገራል፤ በጀቱ የሚወጣው ግን በሚመጣው ዓመት ዋጋ ነው። ንባቡ ውስጥ «በ2016 መጨረሻ ንረት ሲሰላ» ብሎ መሠረቱን መጥቀስ ያስፈልጋል።

## ውጭ ላሉ አንባቢዎች በዶላር ብናስቀምጠውስ?

ይቻላል፣ ግን ምንዛሪውና ቀኑ ሳይጻፍ አይቻልም። 2017 ለዚህ የማይረሳ ዓመት ነው። በጀቱ ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 971 ቢሊዮን ብር ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዶላር ከ120 ብር በላይ ሆነ፤ ያው 971 ቢሊዮን ብር 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። በብር አንድም ሳንቲም ያልተቀነሰለት በጀት በዶላር ግማሽ ሆነ።

«በጀቱ በግማሽ ቀነሰ» ማለት ግን ስህተት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በብር ነው። በእጥፍ የከበደው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ክፍል ነው፦ የውጭ ዕዳ፣ ከውጭ የሚገዛ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት። በዶላር የተመደበ የውጭ ብድርና እርዳታም በተቃራኒው ወደ ብር ሲቀየር ያብጣል። ለዋሽንግተን ወይም ለዱባይ አንባቢ የሚዘጋጅ ማጠቃለያ ሠንጠረዡን በብር ይዞ የዶላሩን ቁጥር ለጠቅላላ ወጪ ብቻ፣ ከሥር በማስታወሻ ቢያስቀምጥ በቂ ነው።

## ዓመቱስ? 2017 ሲባል ውጭ ያሉት 2017 እ.ኤ.አ. ይመስላቸዋል

ይመስላቸዋል፤ አገር ቤት ያለውም ይሳሳታል። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2017 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ስሙን የወሰደው መስከረም ላይ ከሚገባው አዲስ ዓመት ነው። በጎርጎርዮሳዊው ከሐምሌ 2024 እስከ ሐምሌ 2025 መሆኑ ነው። ገጹ ላይ አንድ ጊዜ «2017 በጀት ዓመት (ሐምሌ 1 ቀን 2016 – ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ 2024/25 እ.ኤ.አ.)» ብሎ መጻፍ ከብዙ ጥያቄ ያድናል። የዓለም ባንክ ወይም የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ሰነድ ላይ ካለ ቁጥር ጋር ሲነጻጸርም መጀመሪያ የሚረጋገጠው ይኼ ነው።

## በዓመቱ መሃል ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ ማጠቃለያውን ምን እናድርገው?

እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ከዚያም በላይ የሚቀጥለውን ዓመት ማጠቃለያ የሚያበላሸው ይህ ነው።

በ2017 የሆነውን እንከተል። ከምንዛሪ ማሻሻያው በኋላ፣ ኅዳር 2017 ላይ ምክር ቤቱ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ይህ መጀመሪያ ከጸደቀው 60 በመቶ ነው፤ «ተጨማሪ» የሚለው ቃል መጠኑን ይሸፍነዋል። 971 እና 582 ሲደመሩ የዓመቱ በጀት 1,553 ቢሊዮን፣ ማለትም 1.55 ትሪሊዮን ብር ሆነ። ከዚያ የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ።

አሁን የ2018 ዕድገት ስንት ነው? ከ971 ጋር ያነጻጸረ ሰው በጀቱ በ99 በመቶ አደገ፣ እጥፍ ሆነ ይላል። ከ1,553 ጋር ያነጻጸረ ሰው 24 በመቶ አደገ ይላል። ሁለቱም ስሌታቸው ልክ ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ግን ስለ ሁለት የተለያዩ አገሮች የሚናገሩ ይመስላሉ። ለዚህ ነው ሠንጠረዡ አናት ላይ «መጀመሪያ የጸደቀው» ወይም «ተጨማሪውን ጨምሮ» የሚል ምልክት የሚያስፈልገው።

የትኛው ይመረጥ? መንግሥት በሚመጣው ዓመት ስንት ብር አብልጦ ሊያወጣ እንዳሰበ ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ተጨማሪውን ያካተተው መነሻ ይሻላል፤ አምና ሊወጣ የተፈቀደው በትክክል እሱ ነውና። የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው ማነጻጸር የሚጠቅመው ለረጅም ዓመታት ተከታታይ ሠንጠረዥ ነው፤ ያኔም ቢሆን ተጨማሪ በጀት የጸደቀባቸው ዓመታት ምልክት ይደረግባቸዋል። ፈጽሞ የማይፈቀደው አንዱን ዓመት ከነተጨማሪው፣ ሌላውን ያለ ተጨማሪው አድርጎ በዝምታ ማስቀመጥ ነው።

ተጨማሪ በጀት ሲመጣ ሠንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ይጨመራል፤ አሮጌው አይሰረዝም። አንባቢው ከሐምሌ ጀምሮ የያዘው ቁጥር 971 ነውና የት እንደገባ ማየት ይፈልጋል።

## የፌዴራሉን እና የክልሎችን በጀት ደምሮ የአገሪቱን ጠቅላላ ማግኘት ይቻላል?

እንዲሁ በመደመር አይቻልም። ለክልሎች የሚሰጠው ድጋፍ ፌዴራል ሰነድ ላይ ወጪ ነው፤ ክልሉ ሰነድ ላይ ደግሞ ገቢ ሆኖ ገብቶ በክልሉ ወጪ ውስጥ እንደገና ይቆጠራል። ስለዚህ ከድምሩ 223 ቢሊዮኑ አንድ ጊዜ መቀነስ አለበት። ድጋፉ በክልሎች መካከል የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ነው፤ ንባቡ ስለ አንድ ክልል የሚናገር ከሆነ ቀመሩ በዚያ ዓመት ተቀይሮ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ወጪም እዚህ በጀት ውስጥ የለም። አየር መንገድ፣ ኢትዮ ቴሌኮም እና የመሳሰሉት የየራሳቸው ዕቅድ አላቸው። «መንግሥት ያወጣል» ከሚለው ይልቅ «የፌዴራል በጀቱ ይመድባል» የሚለው አነጋገር የተመረጠው ለዚህ ነው።

## «ተመደበ» እና «ወጣ» ልዩነት አላቸው?

ሰፊ ልዩነት አላቸው። ማጠቃለያው የሚናገረው ስለ ዕቅድ ነው። ቁጥሩ አራት ደረጃ ያልፋል፦ በገንዘብ ሚኒስቴር ይቀርባል፣ በምክር ቤቱ ይጸድቃል፣ በዓመቱ ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል፣ በመጨረሻም በፌዴራል ዋና ኦዲተር ይመረመራል። በየደረጃው ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከረቂቁ ተወስዶ «ጸደቀ» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር የሚያሳፍረው መጨረሻ ላይ ማስተካከያ ሲደረግ ነው። ገጹ ላይ ከዓመቱ ቀጥሎ ደረጃው በአንድ ቃል ይጻፍ፦ ረቂቅ፣ የጸደቀ፣ የተሻሻለ ወይም አፈጻጸም። በአንድ ሠንጠረዥ የአምናን አፈጻጸም ከዘንድሮ ዕቅድ ጋር ማቆምም የተለመደ ወጥመድ ነው፤ ካፒታል ወጪ ብዙ ጊዜ ከተመደበለት በታች ስለሚፈጸም ሳያድግ ያደገ ይመስላል።

## ሥዕል ወይም ግራፍ ይግባ?

ቦታ ካለ አንድ። ሁለት ዓመታትን ጎን ለጎን የሚያሳይ የዘንግ ግራፍ ይበቃል፤ ዘንጉ ከዜሮ ይጀምር። ከ700 የጀመረ ዘንግ 802ን እና 971ን ሲያሳይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ይመስላል። ክብ ግራፍ 1 በመቶ የሆነችውን መስመር ስለማያሳይ አይመከርም።

## ከመላኩ በፊት ምን ልፈትሽ?

ዓምዶቹን ወደ ታች ደምር፤ 370፣ 204፣ 214 እና 14 በትክክል 802 ይሞላሉ። ከዚያ ከወጪው ገቢውን ቀንስ፤ ጉድለቱ ላይ ካልደረስክ አንዱ ቁጥር ከሌላ ሰነድ የመጣ ነው። ንባቡ ውስጥ ያለ ማንኛውም ቁጥር ወይ ሠንጠረዡ ላይ መገኘት ወይ ከሠንጠረዡ በአንድ ስሌት መውጣት አለበት፤ ከውጭ የመጣ ካለ፣ ለምሳሌ የዋጋ ንረቱ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍበት። «ሚሊዮን» እና «ቢሊዮን» ደግሞ በጣት እየተከተልክ አንብብ፤ በአማርኛ ሁለቱ ቃላት በአንድ ፊደል ስለሚለያዩ ዓይን በቀላሉ ያልፋቸዋል።

በመጨረሻ ገጹን በጀት ለማያውቅ ባልደረባ ስጠውና ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ወረቀቱን ተቀበለው። «ስንት ይበደራሉ?» ብለህ ጠይቀው። «971» ካለህ፣ ጉድለት የሚለው መስመር በደንብ አልታየም፤ ደማቅ አድርገውና ለሌላ ሰው ስጥ።